አልፋው ከፍ አለ ማለት መጠይቁ ድባቴን ለካ ማለት አይደለም

ስለ ድባቴ በሚሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎች የዘዴ ምዕራፍ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ይመጣል፦ «መጠይቁ በኢትዮጵያ ተረጋግጧል፤ በዚህ ጥናትም የክሮንባክ አልፋው 0.85 ሆኗል»። ከዚያ ወደ ውጤቱ ይታለፋል። አልፋ የመጠይቁ ጥያቄዎች ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ቆም ብሎ መመርመር ይገባል እላለሁ፤ ምክንያቱም ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ ላይ ጠቅልላ የመለሰች ትመስላለች። የመጀመሪያው የአስተማማኝነት ጥያቄ ነው፤ በክፍል ውስጥ ሪላያቢሊቲ የምንለው። መጠይቁ ሲደጋገም፣ ጠያቂው ሲቀየር፣ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ሲነጻጸሩ የሚሰጠው ውጤት ይጸናል ወይ? ሁለተኛው የተገቢነት ጥያቄ ነው፤ ቫሊዲቲ። የጸናው ነገር በእርግጥ ድባቴ ነው ወይ? የመጀመሪያውን ከኮምፒውተሩ ፊት ሳይነሡ ብዙውን መሥራት ይቻላል። ሁለተኛው ግን ከወረቀቱ ወጥቶ ሰውየውን ራሱን በሌላ መንገድ ማየት ይጠይቃል። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ሁልጊዜ ተሠርቶ ሁለተኛው የሚቀረው።

ምሳሌዬ ፒኤችኪው-9 ነው፤ ሮበርት ስፒትዘር፣ ጃኔት ዊሊያምስና ከርት ክሮንኬ ከባልደረቦቻቸው ጋር በአሜሪካ ያዘጋጁት አጭር መጠይቅ። ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፤ ነገሮችን ለመሥራት ፍላጎት ማጣት፣ ማዘንና ተስፋ መቁረጥ፣ እንቅልፍ፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት፣ ራስን እንደማይረባ መቁጠር፣ ሐሳብን ማሰባሰብ አለመቻል፣ መዘግየት ወይም መቁነጥነጥ፣ በመጨረሻም መሞት ይሻለኛል የሚል ሐሳብ። እያንዳንዱ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል። ምንም ካልነበረ 0፣ ለተወሰኑ ቀናት ከሆነ 1፣ ከግማሽ ለሚበልጡት ቀናት ከሆነ 2፣ በየቀኑ ሊባል የሚችል ከሆነ 3 ይሰጣል። ድምሩ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል፤ ብዙ ቦታ 10 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ድባቴ ሊኖርበት ይችላል ተብሎ ለተጨማሪ ምርመራ ይላካል።

አሁን ይህን መጠይቅ ይዘን መንዝ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው እንበል። ሁለት ሰዎች ተጠየቁ፤ ሁለቱም ለማስረዳት ያህል የተፈጠሩ ናቸው፣ ነገር ግን እንዲህ ዓይነቱን ቅጽ መረጃ ሲሰበስብ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል።

የመጀመሪያዋ የአርባ ስምንት ዓመት ገበሬ እናት ናቸው። ፍላጎት ማጣት 0። ማዘን 1። እንቅልፍ 2፤ ሌሊት ተነሥተው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉና። ድካም 3፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጹመው ውኃ ይቀዳሉ፣ እንጨት ይለቅማሉ። የምግብ ፍላጎት 2፤ «ጾም አይደል እንዴ፣ ምን ይበላል» ብለዋል። ራስን መናቅ 0። ሐሳብን ማሰባሰብ 2። መዘግየት 1። የሞት ሐሳብ 0። ድምር 11።

ሁለተኛው ከደብረ ሲና አካባቢ የመጣ የሠላሳ ዓመት ወጣት ነው። ፍላጎት ማጣት 2፣ ማዘን 3፣ ራስን መናቅ 2፣ የሞት ሐሳብ 1፤ የቀሩት በሙሉ 0። ድምር 8።

መቁረጫ ነጥቡ 10 ከሆነ እናትየው ይላካሉ፤ ወጣቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ሁለቱን አስቀምጦ ቢያነጋግር ግን ሥጋት የሚያድርበት በወጣቱ ላይ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሁለቱም ሰዎች መልሳቸውን አልቀያየሩም፣ ጠያቂውም አልተሳሳተም። ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ጾም ውስጥ ተመልሰን ብንጠይቃቸው እሳቸው ዳግመኛ 11፣ እሱም ዳግመኛ 8 ሊሉ ይችላሉ። አስተማማኝነቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ውሳኔው ግን በሁለቱም ላይ ስቷል።

ለምን እንደሳተ ለማየት ወደ ጥያቄዎቹ መጠጋት ያስፈልጋል። እናትየው ካገኙት 11 ነጥብ ውስጥ 7ቱ የመጡት ከእንቅልፍ፣ ከድካምና ከምግብ ፍላጎት ነው። እነዚህ ሦስቱ የድባቴ ምልክቶች ናቸው፤ ግን የጾም፣ የሥራና የሕመም ምልክቶችም ናቸው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ ያለፉት ሁለት ሳምንታት የሚለው ጥያቄ ሙሉ በሙሉ ጾሙ ውስጥ ይወድቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ዐቢይ ጾም ባይኖርም አጨዳና ውቂያ በቦታው ይተካል። ከትንሣኤ በኋላ ብንጠይቃቸው 5 ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያ የስድስት ነጥብ ልዩነት ከበሽታ ማገገም አይደለም።

ሐሳብን ማሰባሰብ ላይ ያገኙት 2 ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። የእንግሊዝኛው ጥያቄ ምሳሌ የሚሰጠው ጋዜጣ በማንበብና ቴሌቪዥን በማየት ነው። ማንበብ ለማይችል፣ ቤቱ ቴሌቪዥን ለሌለው ሰው ይህ በቀጥታ ሲነበብለት ሁለት ነገር ይሆናል። ወይ «እኔ የት ተምሬ» ይልና ጠያቂው ያንን እንደ ችግር ቆጥሮ 2 ወይም 3 ያሰፍራል፤ ወይ ጥያቄው እሱን የማይመለከት መስሎት 0 ይላል። አንዱ ቅጽ ላይ ነጥቡ ከፍ ይላል፣ ሌላው ላይ ዝቅ ይላል፣ ሁለቱም ግን ስለ ትምህርት እንጂ ስለ ድባቴ አልተናገሩም። ማስተካከያው ከባድ አይደለም፤ በአካባቢው ሰው ሁሉ የሚያደርገው፣ ልብ ማድረግን የሚጠይቅ ሥራ መተካት ነው። ጥጥ ሲፈትሉ ክሩ ይበጠስብዎታል ወይ፣ የገበያ ሒሳብ ሲያስቡ ይጠፋብዎታል ወይ፣ ስብከት ወይም ሬዲዮ ሲያዳምጡ ሐሳብዎ ይሸሻል ወይ። የተለወጠው ቃል ግን በጽሑፉ ላይ በግልጽ መቀመጥ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ የተገኘ ቁጥር በቀጥታ አይሠራበትምና።

ወጣቱን ያጣነው ደግሞ ድምሩ ሁሉንም ጥያቄ እኩል ስለሚቆጥር ነው። መጠይቁ ሌላ የአቆጣጠር ስልትም አለው፤ ብዙ ሰው አይጠቀምበትም። በዚያ ስልት ከባድ ድባቴ ለመባል ቢያንስ አምስት ምልክቶች ከግማሽ ለሚበልጡት ቀናት ሊኖሩ ይገባል፣ ከእነሱም አንዱ የግድ ፍላጎት ማጣት ወይም ማዘን መሆን አለበት። የሞት ሐሳብ ብቻ ለጥቂት ቀናት ቢሆንም ይቆጠራል። እናትየው በዚህ ስልት አያልፉም፤ 2 እና ከዚያ በላይ ያገኙባቸው ምልክቶች አራት ብቻ ናቸው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎችም ዝቅተኛ ናቸው። ወጣቱም አራት ምልክት ብቻ ስላለው አያልፍም። ስልቱ የእሳቸውን ጉዳይ አስተካከለ፣ የእሱን ግን አላስተካከለም። የእሱ ችግር ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ስሜቱን የሚናገርበት መንገድ መጠይቁ ውስጥ የለም። እዚህ አካባቢ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤን ይመታኛል»፣ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ነው የሚለው። ከዘጠኙ ጥያቄዎች አንዱም ስለነዚህ አይጠይቅም።

አሁን ወደዚያ 0.85 እንመለስ። አልፋ የሚለካው ጥያቄዎቹ አብረው ከፍና ዝቅ ማለታቸውን ነው። አሰላሉን አንድ ጊዜ በእጅ መሥራት ብዙ ያስተምራል። የእያንዳንዱ ጥያቄ ልዩነት፣ በስታትስቲክስ ቫሪያንስ የምንለው፣ ተደምሮ 8.1 ሆነ እንበል፤ የጠቅላላ ድምሩ ቫሪያንስ ደግሞ 27። ጥያቄዎቹ ዘጠኝ ናቸው።

```
(9 ÷ 8) × (1 − 8.1 ÷ 27) = 0.79
```

ጥያቄዎቹ አንዱ ከአንዱ ጋር ባይገናኙ ኖሮ የድምሩ ቫሪያንስም 8.1 ይሆንና አልፋው 0 ይወጣ ነበር። አብረው ሲሄዱ ድምሩ ይሰፋል፣ አልፋውም ወደ 1 ይጠጋል። ስሌቱ ውስጥ ድባቴ የሚባል ነገር የትም የለም። አብሮ የሚያስኬዳቸው ምን እንደሆነ አልፋ አያውቅም። ጾም ሊሆን ይችላል፤ የእንቅልፍ፣ የድካምና የምግብ ጥያቄዎች በአንድ ምክንያት አብረው ይወጣሉ። የመልስ ልማድም ሊሆን ይችላል፤ ይህኛው እኛ ዘንድ በጣም የተለመደ ነው። አማት ወይም ጎረቤት አጠገብ ተቀምጣ ሳለ «እንዴት ነዎት» የተባለ ሰው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ማማረር ምስጋና ቢስነት ነውና። ይህ ሰው ዘጠኙንም 0 ያስሞላል። ሌላው ደግሞ ቅጹ እርዳታ ያመጣል ብሎ ዘጠኙንም 2 እና 3 ያስሞላል። እነዚህ ሁለት ዓይነት መላሾች በበዙ ቁጥር አልፋው እጅግ ያምራል።

ከዚህ የባሰው አልፋን ሆን ብሎ ማሳመር ነው። አልፋው 0.68 የወጣበት ተማሪ ሶፍትዌሩ «ይህ ጥያቄ ቢወጣ አልፋው ከፍ ይላል» ብሎ ሲያሳየው ጥያቄውን ያወጣዋል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው የሞት ሐሳብ ጥያቄ ነው፤ አብዛኛው ሰው 0 ስለሚል ከሌሎቹ ጋር ብዙም አይንቀሳቀስም። በቦታው «ያዝናሉ?»፣ «ይከፋዎታል?»፣ «ሆድ ይብስዎታል?» የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች ቢገቡ አልፋው ያለ ጥርጥር ያድጋል፤ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ጠይቀናልና። መጠይቁ ግን ጠብቧል፤ ሐዘንን ብቻ እየለካ ድባቴን ለካሁ ይላል።

አስተማማኝነት ሁለተኛ ፈተና አለው፤ ድጋሚ መጠየቅ። እዚህ ላይ የጊዜው ርቀት ራሱ ወጥመድ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ከተመለሱ ሰውየው የሰጠውን መልስ ያስታውሳል፣ የሚጠየቅበትም ጊዜ ከበፊተኛው ጋር አሥራ አንድ ቀን ይጋራል። በወር ከተመለሱ ደግሞ ሕመሙ ራሱ ሊለወጥ ይችላል። አንድ ወይም ሁለት ሳምንት የተለመደ ማስታረቂያ ነው። ውጤቱን ስናነጻጽር ግን ተራ የተዛምዶ ቁጥር ብቻ ማየት ያታልላል። አምስት ሰዎች መጀመሪያ 4፣ 7፣ 9፣ 12፣ 15 አገኙ፤ ሁለተኛ ጊዜ 1፣ 4፣ 6፣ 9፣ 12። ሁሉም በእኩል ሦስት ነጥብ ስለቀነሱ ተዛምዶው ሙሉ 1 ነው። በመጀመሪያው ቀን ግን ከ10 በላይ የነበሩት ሁለት ናቸው፣ በሁለተኛው አንድ። ስለዚህ መታየት ያለበት ቅደም ተከተላቸው ብቻ ሳይሆን ነጥቡ ራሱ መመሳሰሉ ነው። ለዚህ የሚሠራው አይሲሲ የሚባለው ስሌት በፍጹም ስምምነት ዓይነቱ ነው፤ ሶፍትዌሩ ይህንንም፣ ወጥነትን ብቻ የሚያየውንም ዓይነት ስለሚያቀርብ የትኛው እንደተመረጠ ማረጋገጥ ይገባል።

ሦስተኛው ጠያቂው ነው፤ እኔ በግሌ ከሁሉ በላይ ችላ የተባለው ይህ ይመስለኛል። የእኛ መጠይቅ ብዙውን ጊዜ ሰውየው ራሱ የሚሞላው አይደለም፣ ይነበብለታል። መረጃ ሰብሳቢው «ከግማሽ ለሚበልጡት ቀናት» የሚለውን እንዴት እንዳስረዳ ውጤቱን ይወስነዋል። የሚረዳው ጊዜውን በገበያ ቀን ማሰር ነው፦ «እማማ፣ ካለፈው በፊት ከነበረው ገበያ ወዲህ፣ እንቅልፍ ያጡባቸው ቀናት ስንት ይሆናሉ?» ብሎ ቀኑን አስቆጥሮ ራሱ ወደ 0፣ 1፣ 2 ወይም 3 ይለውጣል። ከ7 ያነሰ ቀን 1፣ ከ7 እስከ 11 ቀን 2፣ 12 እና ከዚያ በላይ 3 የሚል ስምምነት ሁሉም ጠያቂ እጅ ላይ ተጽፎ መኖር አለበት። «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲሉም ተቀብሎ፣ አብሮ አመስግኖ፣ ከዚያ ቀኑን መጠየቅ ነው፤ ያን ምስጋና 0 ብሎ መጻፍ አይደለም።

ልዩነቱ መኖሩን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። መረጃው ከገባ በኋላ የእያንዳንዱን መረጃ ሰብሳቢ አማካይ ነጥብ ለየብቻ ማውጣት ነው። በአንድ ቀበሌ፣ ቤት በዕጣ ተከፋፍለው የሠሩ ሁለት ሰዎች የአንዱ አማካይ 3፣ የሌላው 9 ከሆነ መጠይቁ የለካው ጠያቂዎቹን ነው። ይህን በመጨረሻው ቀን ሳይሆን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ማየት ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ገና ሊታረም ይችላል።

አስተማማኝነት ዝቅ ሲል ለግለሰቡ ምን ማለት እንደሆነም በነጥብ ማስላት ይቻላል። ከላይ በወሰድነው ምሳሌ የድምሩ ቫሪያንስ 27 ስለሆነ መደበኛ ልይይቱ 5.2 ገደማ ነው። አልፋው 0.79 ሲሆን የልኬት ስሕተቱ 5.2 በ1 ሲቀነስ 0.79 ካሬ ሥር ሲባዛ፣ 2.4 ነጥብ ይሆናል። ስለዚህ 9 ያገኘና 11 ያገኘ ሁለት ሰዎች የተለያዩ ናቸው ለማለት መጠይቁ አቅም የለውም፤ እኛ ግን አንዱን ልከን ሌላውን እንመልሳለን። መቁረጫው አጠገብ ያለን ሰው በሁለት ሳምንት መልሶ መጠየቅ ወይም በቀጥታ ማነጋገር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ተገቢነትን በቁጥር ለማየት የመጠይቁን ውሳኔ ከሠለጠነ ባለሙያ ምርመራ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። በአሜሪካው የ2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጥናት መቁረጫው 10 ሲሆን ድባቴ ካለባቸው 88 በመቶውን ለይቷል፣ ከሌለባቸው ደግሞ 88 በመቶውን በትክክል ነጻ አድርጓል። በአዲስ አበባ ሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ በተሠራው ጥናት በዚያው 10 ቁጥሮቹ 86 እና 67 ሆኑ። ቡታጅራ አካባቢ በገጠር ጤና ጣቢያ ተገልጋዮች ላይ ሲጠና ደግሞ የተሻለ ሆኖ የተገኘው መቁረጫ 5 ነው። አንድ መጠይቅ፣ ሦስት ቦታ፣ ሦስት ዓይነት ጠባይ። «በኢትዮጵያ ተረጋግጧል» ሲባል የትኛው ተረጋገጠ? ለመንዝ ሕዝብ የአዲስ አበባው 10 ነው ወይስ የቡታጅራው 5? በ5 ብንቆርጥ ወጣቱን እናገኘዋለን፤ እናትየውና በጾም የደከሙ ጎረቤቶቻቸው ግን አብረው ይመጣሉ።

የአዲስ አበባውን ቁጥር ወስደን 200 ተገልጋይ ላይ እንሥራው፤ 20ዎቹ ድባቴ አለባቸው እንበል። 86 በመቶ ሲለይ 17 ይያዛሉ፣ 3 ያመልጣሉ። ከቀሩት 180 ውስጥ 33 በመቶው፣ 59 ሰው፣ ሳይኖርባቸው አለባችሁ ይባላሉ። ከ10 በላይ ያገኙት በጠቅላላ 76 ናቸው፤ ከእነሱ ድባቴ ያለባቸው 17 ብቻ፣ ከአራት አንድ እንኳ አይሞላም። ተመራማሪው «የድባቴ ስርጭት 38 በመቶ» ብሎ ቢጽፍ እውነተኛውን 10 በመቶ አራት እጥፍ ሊጠጋ አድርጎታል። በመጠይቅ ብቻ የተሠራ ጥናት «ከፍተኛ የድባቴ ምልክት ነጥብ ያላቸው» ቢል ነው የሚያምርበት።

እንዲህ ዓይነቱን ማስተያየት ራሱ የሚሠራ ሰው ሦስት ነገር ይጠንቀቅ። መርማሪው ባለሙያ የመጠይቁን ነጥብ ማየት የለበትም፤ 15 ያየ ሰው ድባቴ ይፈልጋል፣ ያገኛልም። ምርመራው በዚያው ቀን ወይም በጣም ተቀራራቢ በሆኑ ቀናት ይሁን፤ ሁለቱ ስለ አንድ ሁለት ሳምንት እንዲናገሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከ10 በላይ ያገኙትን ብቻ ወደ ባለሙያው መላክ አይበቃም። ወጣቱን የመሰሉት በዚያ አሠራር ለዘላለም አይታዩም፣ መጠይቁም ማንንም ያላመለጠው ይመስላል። ሁሉንም መመርመር ካልተቻለ ዝቅተኛ ነጥብ ካገኙት በዕጣ የተመረጡ አብረው ይታዩ። ቁጥሩ ትንሽ መሆኑም መነገር አለበት፤ ከ20 ሕሙማን 17ቱ ተለዩ ማለት 85 በመቶ ነው፣ ግን በዚህ ቁጥር እውነቱ ከ62 እስከ 97 የትም ሊሆን ይችላል።

ባለሙያ ማግኘት የማይችል ተማሪም እጁ ባዶ አይደለም። መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት ስምንት ወይም አሥር ሰው፣ ወንድ፣ ሴት፣ የተማረ፣ ያልተማረ አድርጎ መርጦ እያንዳንዱን ጥያቄ ካነበበ በኋላ «ይህን ሲሰሙ ምን መሰለዎት? እንዴት አስበው መለሱልኝ?» ብሎ ይጠይቅ። የጋዜጣው ጥያቄ ጉድ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰዎች ይወጣል። ወሩንና ጾሙን በቅጹ ላይ ያስፍር። ውጤቱን በ5ም በ10ም ያቅርብ። የእንቅልፍ፣ የድካምና የምግብ ጥያቄዎችን አውጥቶ የቀሩትን ስድስት ብቻ ደምሮ የሰዎቹ ቅደም ተከተል ምን ያህል እንደተለወጠ ያሳይ፤ በእኛ ምሳሌ እናትየው ከ11 ወደ 4 ይወርዳሉ፣ ወጣቱ በ8 ይቀራል።

ዘጠነኛው ጥያቄ ለብቻው ይታያል። ለአልፋም ለድምርም የሚመች አይደለም፣ በሰው ፊትም እውነቱ አይነገርበትም፤ ስለዚህ ሰውየው ብቻውን ሲሆን ይጠየቃል። ከ0 በላይ የሆነ ማንኛውም መልስ፣ ድምሩ 1ም ቢሆን 20፣ በዚያው ቀን ጠያቂው ጊዜ ወስዶ እንዲያነጋግረው፣ ለራሱ የሚያሰጋ ሐሳብ ወይም ዕቅድ እንዳለው በቀጥታ እንዲጠይቀውና ከጤና ጣቢያው የአእምሮ ጤና ሠራተኛ ወይም ከኃላፊው ጋር ሳያገናኘው እንዳይሸኘው ያስገድዳል። ማን ጋ እንደሚላክ፣ ስልኩ፣ ባለሙያው የሚገኝበት ሰዓት መረጃ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት በእያንዳንዱ ሰብሳቢ ቅጽ ጀርባ ላይ ይጻፍ።